መስመሩ ሲንቀጠቀጥ፣ ቀለሙ ሲፈስ፣ አፑ ሲዘጋ፦ በስልክና በርካሽ ታብሌት ስዕል ለሚጀምሩ

እህቴ በወረቀት ላይ እጇ ጥሩ ነው። ጀበና በእርሳስ ስትነድፍ የአንገቱን መስመር አንዴ ስባ ትጨርሰዋለች። ርካሽ ታብሌት ገዝታ አይቢስ ፔይንት የሚባለውን የስዕል አፕ ከጫነች በኋላ ግን ያው አንገት እንደ እባብ ይጥመለመልባት ጀመር። ሳምንት ሙሉ "እጄ ለዚህ አይሆንም" እያለች ስትስልና ስታጠፋ ሰነበተች። ጥፋቱ ግን የእጇ አልነበረም፤ እሱን ለማወቅ የፈጀብን ማስመሪያ ፈልገን እስክናገኝ ድረስ ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ያኔ አንድ በአንድ የፈታነውን ነው። ሜዲባንግ ፔይንትና ስኬችቡክም ተመሳሳይ መሣሪያዎች ስላሏቸው፣ ስማቸውና ቦታቸው ቢለያይም ነገሩ ያው ነው።

ምልክት፦ መስመሩ ይንቀጠቀጣል

መጀመሪያ ጥፋቱ የእጅ ነው ወይስ የስክሪን የሚለውን ለዩ። ባዶ ገጽ ክፈቱና የፕላስቲክ ማስመሪያ ስክሪኑ ላይ ሰያፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ብረት አይሁን፤ ብረት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ስክሪኑ እንደ ጣት ሊቆጥረው ይችላል። በማስመሪያው ጠርዝ ጣታችሁን በጣም ቀስ አድርጋችሁ ጎትቱ፤ ቀጥሎ ያንኑ በፍጥነት ድገሙት። ቀስ ብላችሁ የሳባችሁት ሞገድ ከሠራና ፈጣኑ ቀጥ ካለ ችግሩ የስክሪኑ ነው። ሁለቱም ቀጥ ካሉ፣ ያለ ማስመሪያ ስትስሉ የሚታየው መንቀጥቀጥ የእጅ ነው፤ እሱ በልምምድ ይስተካከላል።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ ከመስታወቱ ሥር በዓይን የማይታዩ ቀጫጭን መስመሮች እንደ መረብ ተዘርግተዋል። ጣት በሁለት መስመሮች መካከል ሲሆን ታብሌቱ ትክክለኛውን ቦታ የሚያገኘው በስሌት ነው። በርካሽ ስክሪን ላይ ይህ ስሌት ይዛነፋል፤ ጣት ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር ነጥቡ ትንሽ ወዲህና ወዲያ ይላል። ቀስ ብሎ ሰያፍ መሳብ ይህንን አጉልቶ ያወጣዋል።

የእህቴ ታብሌት ሁልጊዜ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ነበር የሚሠራው። ገመዱን ስንነቅለው እንደ መጋዝ ጥርስ የነበረው መስመር ወደ ለስላሳ ሞገድ ተለወጠ። ጥራት የሌለው ቻርጀር የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ረብሻ የስክሪኑን ንባብ ያዛባል፤ አንዳንዴ ማንም ሳይነካው ነጥብ ይጥላል። ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሄ ነቅሎ መሳል ነው።

ሁለተኛው ማጉላት ነው። ብዙ ጀማሪ የሚዘለው ይህንን ነው፣ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጠዋለሁ። የስክሪኑ ስህተት በመስታወቱ ላይ ያለው መጠን አይለወጥም። ስዕሉን በሁለት ጣት ሦስት እጥፍ ካጎላችሁት፣ ያው ስህተት በስዕሉ ላይ ወደ ሲሶው ይወርዳል። የጀበናውን አንገት አጉልታችሁ፣ ከክርናችሁ ጀምራችሁ ፈጠን ባለ አንድ ስበት ሳሉት፤ ካልወደዳችሁት መልሱና ድገሙት።

ሦስተኛው Stabilizer የሚባለው ነው። መጀመሪያ እስከ መካከለኛው መጠን ከፍ አድርጉት። መስመሩን ያለሰልሳል፤ ዋጋው ደግሞ መስመሩ ከጣታችሁ ኋላ ኋላ መከተሉና ሹል ማዕዘን መደነዙ ነው። ለአንገቱና ለሆዱ ከፍ፣ ለመቅጃው ጫፍና ለጆሮው መጋጠሚያ ዝቅ ማድረግ ይሻላል።

ባለ ጎማ ጫፍ የስክሪን እስክሪብቶ ለገዙ አንድ ነገር ልጨምር። ለስክሪኑ እሱም ጣት ነው። ጠንከር አድርጎ መጫን መስመሩን አያወፍረውም፤ መዳፋችሁም ስክሪኑን ከነካ ከእስክሪብቶው ተለይቶ አይታወቅም። ቀጭንና ወፍራም መስመር ከፈለጋችሁ በብራሹ ማስተካከያ ውስጥ የመስመሩን መነሻና መድረሻ የሚያቀጥነውን ተጠቀሙ። ከመዳፍ ሥር ደግሞ ወፈር ያለ የታጠፈ ጨርቅ አድርጉ።

ምልክት፦ ባልዲው ቀለሙን ወደ ጀርባው ያፈሰዋል

ባልዲው በመስመር የታጠረን ቦታ በአንድ ንክኪ ቀለም የሚሞላው መሣሪያ ነው። በእሱ ጀበናውን ቡናማ ልትቀቡ ስትነኩ ገጹ በሙሉ ቡናማ ከሆነ፣ የሆነ ቦታ መስመሩ አልገጠመም። ቀለም እንደ ውሃ ነው፤ የአንድ ነጥብ ቀዳዳ ይበቃዋል። መልሱና አጉልታችሁ መስመር ከመስመር የሚገናኝበትን ቦታ ብቻ ፈትሹ፤ ክፍተቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። በእኛ ጀበና ላይ የጆሮው ታችኛ ጫፍ ሆዱን ሳይነካ ቀርቶ ነበር።

መስመሩ ገጥሞም የሚፈስ ከሆነ ሌየሩን ተመልከቱ፤ ሌየር እንደ መስታወት አንዱ በሌላው ላይ የሚደረብ የስዕል ገጽ ነው። መስመሩ በአንድ ሌየር፣ ቀለሙ በሌላ ባዶ ሌየር ሆኖ ባልዲው የራሱን ሌየር ብቻ እንዲያይ ከተደረገ፣ የሚያቆመው ግድግዳ አያገኝም። በባልዲው ማስተካከያ ውስጥ ሁሉንም ሌየር እንዲያይ አድርጉት። የቀለሙ ሌየር ከመስመሩ ሌየር በታች ይሁን።

ቀለሙ ሞልቶ በመስመሩ ዳር ነጭ ክር ከቀረ ደግሞ ምክንያቱ የመስመሩ ጠርዝ ነው። መስመሩ ለስላሳ እንዲመስል ጠርዙ ላይ በከፊል የሚያሳልፉ ነጥቦች አሉ፤ ባልዲው እነሱ ዘንድ ሲደርስ ይቆማል። ቀለሙ 1 ወይም 2 ፒክስል እንዲሰፋ አድርጉት፤ ከመስመሩ ሥር ስለሚገባ አይታይም።

ምልክት፦ አፑ ይዘገያል፣ ይዘጋል፣ ወይም ሌየር መጨመር አይቻልም ይላል

ይህ የሜሞሪ ጉዳይ ነው፤ ስሌቱም ቀላል ነው። አንድ ፒክስል አብዛኛውን ጊዜ 4 ባይት ይወስዳል። 2000 በ2000 የሆነ ገጽ 4 ሚሊዮን ፒክስል አለው፤ አንድ ሌየር ወደ 16 ሜጋባይት ማለት ነው። ጎኑን እጥፍ አድርጋችሁ 4000 በ4000 ብታደርጉት ሌየሩ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ፣ 64 ሜጋባይት ይሆናል። 2 ጊጋባይት ራም ካለው ታብሌት ላይ አንድሮይድ ራሱ ብዙውን ይወስዳል፤ አፑ ወደ ኋላ ለመመለስ የሚያስቀምጠው ታሪክም ቦታ ይይዛል።

እህቴ 4000 በ4000 ላይ 9 ሌየር ከፍታ ነበር፤ በስሌት 576 ሜጋባይት። መጀመሪያ ስዕሉን በጋለሪው ውስጥ ቅጂ አደረግንለት። ከዚያ ያለቁትን ሌየሮች አዋሃድንና ሦስት ብቻ ቀሩ፦ መስመር፣ ቀለም፣ ጥላ። ከኋላ የተከፈቱትን ሌሎች አፖች ስንዘጋ መዘግየቱ ቆመ። የሚቀጥለውን ስዕል በ2000 በ2000 ጀመረችው።

ምልክት፦ ስዕሉ አፑ ላይ ጥርት ያለ፣ ሲታተም ወይም ሲላክ የደበዘዘ

ለኅትመት 300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ከተፈለገ 1000 ፒክስል ስፋት ወረቀት ላይ 8.5 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። ኤ4 ሙሉ ለማተም 2480 በ3508 ያስፈልጋል። ትንሽ ገጽ ላይ ሠርቶ በኋላ መለጠጥ ጥራት አይጨምርም፤ ስለዚህ መጠኑን ስትጀምሩ ወስኑ። ኤ4 ሌየሩ ወደ 35 ሜጋባይት ስለሚሆን፣ በደካማ ታብሌት ላይ በጥቂት ሌየር መሥራት ግድ ነው።

የደበዘዘው በቴሌግራም ስትልኩት ከሆነ ስዕሉ ደህና ነው፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል። በፒኤንጂ አስቀምጡና በአባሪው ምልክት ገብታችሁ `File` በሚለው ላኩት።