ሳምንታዊውን ስብሰባ ከጠዋት ወደ ከሰዓት ለዘለቄታው ሲያዛውሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቡድናችን ሳምንታዊ ስብሰባ ለረጅም ጊዜ ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነበር። አሥራ አንድ ሰዎች ነን። አሥሩ አዲስ አበባ፣ አንዷ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ። ሥራችን ለሱቆች ዕቃ ማከፋፈል ነው። የሱቆቹ የሽያጭ ሪፖርት የሚደርሰን ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ስለሆነ፣ ጠዋት ተሰብስበን የምናወራው ስላረጀ ቁጥር ነበር። ዋሽንግተን ላለችው ባልደረባችን ደግሞ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ሌሊት ነው። ስለዚህ ስብሰባውን ወደ ከሰዓት 9 ሰዓት ለማዛወር ወሰንን።

መወሰኑ አላስቸገረም። ያስቸገረው ማሳወቁ ነው። ሁለት ጊዜ አሳውቄ ሁለቱም አልያዘም፤ በሦስተኛው ነው የጸናው። ስህተቶቹ እነዚህ ናቸው።

ሰዓቱን በባዶ ቁጥር መጻፍ

የመጀመሪያው መልእክቴ እንዲህ ይል ነበር፦ «ሰላም፣ የማክሰኞ ስብሰባ ወደ 3:00 ተዛውሯል።» ስጽፈው ኮምፒውተሬ ላይ ያለውን ካላንደር እያየሁ ነበር። ካላንደሩ 3:00 PM ይላል። ያነበቡት ግን በእኛ ሰዓት አቆጣጠር አነበቡት። «ድሮስ 3 ሰዓት አይደል እንዴ?» ብለው አለፉት። ማክሰኞ ሲደርስ ስድስቱ ጠዋት ስብሰባ ክፍል ገብተው ጠበቁ። የቀሩት ከሰዓት መጡ።

ይሄ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የእኛ ሰዓት እና ስልኩ የሚያሳየው ሰዓት በስድስት ሰዓት ይለያያሉ። እኛም ስብሰባውን ያዛወርነው በስድስት ሰዓት ነው። ስለዚህ አሮጌው ሰዓት በአንዱ አቆጣጠር ሲጠራ፣ አዲሱ ሰዓት በሌላው ሲጠራ ከሚሰጠው ቁጥር ጋር አንድ ሆነ። «ከ3 ወደ 9» ብለው ቢጽፉም አያድንም። በፈረንጅ ሰዓት ለሚያነብ ሰው ከሰዓት የነበረው ወደ ጠዋት መጣ ማለት ነው፤ ማለትም የተገላቢጦሽ። «ወደ 8 ሰዓት» ሲባልም አንዳንዱ በጠዋት ተነስቶ ይመጣል።

መፍትሔው ከቁጥሩ ጎን የቀኑን ክፍል መጻፍ፣ ስልክ ላይ የሚታየውንም አንድ ጊዜ መጨመር ነው። «ከሰዓት በኋላ 9:00፤ ስልካችሁ ላይ 3:00 PM ብሎ ያሳያችኋል።» ከመላክዎ በፊት ደግሞ ውሳኔው ላይ ላልነበረ አንድ ሰው ያስነብቡት። «ገባህ?» ብለው አይጠይቁት፤ ሁሉም «አዎ» ነው የሚለው። «ስንት ሰዓት ትመጣለህ?» ይበሉት።

በይሉኝታ ማለስለስ

ሁለተኛው መልእክት ሰዓቱን በትክክል ጻፈ። አጀማመሩ ግን «እስቲ ለጊዜው ከሰዓት እናድርገውና፣ ካልተመቸን እናየዋለን» የሚል ነበር። ሰው ላይ የጫንኩ እንዳይመስል ብዬ ነው። ያተረፍኩት ሰኞ ማታ በመጣ ቁጥር ቴሌግራም ግሩፑ ላይ «ነገ ጠዋት ነው ከሰዓት?» የሚል ጥያቄ ነው። ጥያቄው ልክ ነበር። «ለጊዜው» የተባለ ነገር መቼ እንደሚያበቃ ሰው መጠየቁ አይቀርም።

ሰውን ማማከር የሚገባው መልእክቱ ከመጻፉ በፊት ነው። በሦስተኛው ጊዜ እያንዳንዱን ሰው ለየብቻው አነጋገርኩ። አንዱ ባልደረባችን በዐቢይ ጾም እህል የሚቀምሰው 9 ሰዓት ላይ መሆኑን ነገረኝ። ስብሰባው ከ9:30 አንድ ደቂቃ እንዳያልፍ ተስማማን፤ የማብቂያው ሰዓት መልእክቱ ላይ የገባውም ለዚህ ነው። በግሩፕ ላይ «ምን ይመስላችኋል?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ይህን አይነግረኝም ነበር። ምክክሩ ካለቀ በኋላ መልእክቱ የሚናገረው ስላለቀ ነገር ነው። «በቋሚነት»፣ «ከእንግዲህ» እና «የጠዋቱ ቀርቷል» የሚሉት ቃላት ቁጣ የለባቸውም። ግልጽ ናቸው እንጂ።

የሚያልቅ ምክንያት መስጠት

ሁለተኛው መልእክት ሌላም ጥፋት ነበረበት። «ሰሞኑን መንገዱ ስለተቆፈረ ጠዋት መድረስ አስቸግሯል» ብዬ ነበር። እውነት ነው፤ ግን ዋናው ምክንያት አልነበረም። መንገዱ ተሠርቶ ሲከፈት ሁለት ሰዎች ማክሰኞ ጠዋት መጡ። ቀስ በቀስ ሁላችንም ወደ ጠዋቱ ተመለስን። ለውጡ የሚቆየው ምክንያቱ እስካለ ድረስ ነው። ሪፖርቱ ማክሰኞ እኩለ ቀን መድረሱ ዓመቱን ሙሉ አይቀየርም፤ መጻፍ የነበረብኝ እሱን ብቻ ነው። ምክንያት መደርደርም አያስፈልግም። ሦስት ምክንያት ከጻፉ አንዱ ሲወድቅ ሁሉም የወደቀ ይመስላል።

በመጨረሻ የተላከው ይህ ነው፦

«ሰላም ለሁላችሁ። ሳምንታዊ ስብሰባችን ከእንግዲህ በቋሚነት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከ9:00 እስከ 9:30 ነው። ስልካችሁ ላይ 3:00 PM ብሎ ያሳያችኋል። የመጨረሻው የጠዋት ስብሰባ ማክሰኞ መስከረም 27 ነው። የመጀመሪያው የከሰዓት ስብሰባ ማክሰኞ ጥቅምት 4 ነው። ከዚያ በኋላ የጠዋቱ ቀርቷል። ያዛወርነው የሱቆቹ ሪፖርት ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ስለሚደርሰን ነው። የካላንደሩ ግብዣ ተስተካክሏል። ጥቅምት 4 መገኘት የማይችል እስከ ዓርብ ለብቻዬ ይጻፍልኝ።»

ሁለት ቀን እንዳለው ልብ ይበሉ። አሮጌው የሚያበቃበትም፣ አዲሱ የሚጀምርበትም ተጽፏል። አንዱን ብቻ ከጻፉ መሀል ያለው ሳምንት የማንም አይሆንም።

አሮጌውን የካላንደር ግብዣ መርሳት

መልእክት ተነቦ ይረሳል። ስልክ ግን በየማክሰኞው ይጮኻል። አሮጌው ግብዣ ካልተነካ በየሳምንቱ ጠዋት እርስዎን የሚቃረን ማስታወሻ ይደርሳቸዋል። ጉግል ካላንደር ላይ ተደጋጋሚ ስብሰባ ሲያስተካክሉ ሦስት ምርጫ ይመጣል። `This event` ካሉ የሚዛወረው የዚያ ሳምንት ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ጠዋቱ ይመለሳል። የሚያስፈልግዎ `This and following events` ነው፣ ያውም የመጀመሪያውን የከሰዓት ቀን ከፍተው። `All events` ያለፉትንም ስብሰባዎች ስለሚነካ ይተዉት። ግብዣውን ማስተካከል ያለበትም መጀመሪያ የፈጠረው ሰው ነው፤ ሌላው የማስተካከል ፈቃድ ሳይሰጠው ቢቀይረው ለራሱ ብቻ ነው የሚቀየርለት።

ውጭ አገር ሰው ካለዎት አንድ ነገር ይጨምሩ። ለዋሽንግተኗ ባልደረባችን «ለአንቺ 8:00 AM ነው» ብዬ ለብቻዋ ጽፌላት ነበር። አሜሪካ በጥቅምት ወር መጨረሻ አካባቢ ሰዓቷን ወደ ኋላ ትመልሳለች፤ እኛ አንነካም። ጥቅምት 25 በ8:00 AM ስትገባ ስብሰባው ካለቀ ግማሽ ሰዓት ሆኖት ነበር። ካላንደሯ ራሱን አስተካክሎ 7:00 AM ይል ነበር። እሷ ግን ያመነችው የእኔን ቁጥር ነው። አሁን የምጽፍላት «የሚጸናው የአዲስ አበባ ሰዓት ነው፤ የአንቺን ከካላንደርሽ እዪ» ብዬ ነው።

«ለዛሬ ብቻ ጠዋት ይሁን» ማለት

ይህ ስህተት የሚሠራው መልእክቱ ከተላከ በኋላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚሠራው ያዛወረው ሰው ራሱ ነው። በሁለተኛው ሳምንት አለቃችን ከሰዓት ሌላ ቀጠሮ ያዙና «ጠዋት እናድርገው» አሉኝ። «የዛሬው ይቅርና በጽሑፍ እንላላክ» አልኳቸው፤ ተስማሙ። የዚያን ሳምንት ሁሉም ሦስት መስመር ጽፎ ላከ። በሚቀጥለው ማክሰኞ 9 ሰዓት ላይ ሁሉም ተገኘ። ሰኞ ማታም ግሩፑ ላይ የጠየቀ ሰው አልነበረም።