የከረንት ምንጭ ሲኖር ሜሽ ወይስ ኖድ? አንዱን ሰርኪውት በሦስት መንገድ ፈታሁት

ሰርኪውቱ ቀላል ነው። ባለ 12 ቮልት ምንጭ በ4 ኦም ሬዚስተር በኩል ከኖድ A ጋር ይገናኛል። ከA ወደ ግራውንድ ደግሞ 12 ኦም ሬዚስተር አለ። በሁለቱ ሬዚስተሮች መካከል ከግራውንድ ወደ A 2 አምፔር የሚያስገባ የከረንት ምንጭ ቆሟል።

በሜሽ ስጀምር ሥራው ተጓተተ፤ ምንጩ ለሁለቱም ሜሾች የጋራ ነውና። በከረንት ምንጭ ጫፎች ላይ ያለው ቮልቴጅ አስቀድሞ አይታወቅም፤ ስለዚህ ሁለት የሜሽ እኩልታዎች ሦስት ያልታወቁ መጠኖች ያዙ። በሰዓት አቅጣጫ የሚዞሩትን የግራውን ሜሽ ከረንት i1፣ የቀኙን i2 ብዬ፣ ምንጩን ዘልዬ በውጭኛው ዙር ሱፐርሜሽ ስሠራና i2 − i1 = 2 የሚለውን ስጨምር ተፈታ።

የA ቮልቴጅ V ይሁን፤ በኖድ ዘዴ ግን አንድ መስመር በቃው፤ 2 አምፔሩ እንዳለ ወደ እኩልታው ይገባል፦

```
(V - 12)/4 + V/12 = 2
V = 15
```

በ4 ኦም ውስጥ 0.75 አምፔር ወደ ባትሪው ይመለሳል፤ በ12 ኦም ውስጥ 1.25 ይወርዳል። ድምራቸው 2 ስለሆነ መልሱ ትክክል ነው።

በጣም የወደድኩት ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። ምንጩና 12 ኦሙ ትይዩ ስለሆኑ ቦታ አለዋውጬ ምንጩን በቀኝ ጠርዝ ሣልኩት። አሁን i2 = −2 ሆኖ ያለ ስሌት ታወቀ፤ የቀረው ይህ ብቻ ነው፦

```
4*i1 + 12*(i1 + 2) = 12
i1 = -0.75
```

ስለዚህ «የከረንት ምንጭ ካለ ኖድ» የሚለው ደንብ ሁልጊዜ አይሠራም። ምንጩ ጠርዝ ላይ ከሆነ ሜሽም እኩል ይፈጥናል፤ በሁለት ሜሾች መካከል ከተቀረቀረ ግን ኖድን እመርጣለሁ።