«ሊንኩ አይከፍትም» ሲሏችሁ መጀመሪያ ጭራውን እዩት

ግሩፕ ላይ ሊንክ ትለቃላችሁ። እናንተ ጋ ይከፍታል። ትንሽ ቆይቶ ግን «አይከፍትም»፣ «ገጹ የለም ይላል» የሚል መልስ ይጎርፋል። ኔትወርክ ነው፣ ሰርቨሩ ወድቋል ከማለታችሁ በፊት የሊንኩን መጨረሻ ተመልከቱ። የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ የማስተካክለው እኔ ስለሆንኩ ይሄን ብልሽት ስንቴ እንዳየሁት አልቆጥረውም። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል፣ ሊንኩ ፔስት ሲደረግ አንድ የአማርኛ ፊደል ወይም አራት ነጥብ ተለጥፎበት ነው።

እንዴት ይታወቃል? ያልከፈተለት ሰው የተከፈተለትን አድራሻ ከብራውዘሩ ኮፒ አድርጎ ይላክላችሁ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ታገኙታላችሁ፦

```
የተላከው፦   https://example.org/miz24።
የተከፈተው፦  https://example.org/miz24%E1%8D%A2
```

ያ `%E1%8D%A2` አራት ነጥብ ነው። `%E1%8A%95` ከሆነ ደግሞ «ን» ናት። እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል አድራሻ ውስጥ ሲገባ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል፣ አጀማመሩም `%E1%8` ነው። ስለዚህ ጭራው ላይ `%E1%8` ካያችሁ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ።

ለምን ለአንዱ ከፍቶ ለሌላው እምቢ ይላል? ሊንኩ የት ላይ እንደሚያልቅ የሚወስነው እያንዳንዱ አፕ በራሱ ስለሆነ ነው። የእንግሊዝኛዋን ነጥብ አብዛኞቹ ያውቋታል፣ መጨረሻ ላይ ካገኟት ይተዋታል። አራት ነጥብንና የአማርኛ ፊደልን ግን አንዱ ይተዋል፣ ሌላው የአድራሻው አካል አድርጎ ይወስደዋል። በዚያ ላይ የእኛ ቋንቋ «ን»፣ «ም»፣ «ና» የመሳሰሉትን ቃሉ ላይ ይለጥፋል። እጃችን ለምዶት ሊንኩም ላይ እንለጥፋለን።

አንድ የስልጠና ምዝገባ እንዲህ ነበር የተበላሸው። ማስታወቂያው «እስከ ዓርብ https://example.org/miz24ን ከፍተው ይሙሉ» ይላል። ሐሙስ ከሰዓት የሞላው ሰው በጣም ጥቂት ነው። አዘጋጁ ሊንኩን ሞክሬዋለሁ ብሎ ተከራከረኝ፤ እውነቱን ነው፣ ግን የሞከረው ኮፒ ያደረገበትን ገጽ ነው እንጂ የላከውን መልእክት አይደለም። «ን»ን አጥፍተን እንደገና ስንልከው ሰው መሙላት ጀመረ። የተበላሸውን መልእክት ኤዲት ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ ፎርዋርድ የተደረገው ኮፒ እንደተበላሸ ይዞራልና አዲስ መልእክት ላኩ።

መፍትሄው፦ ሊንኩን ብቻውን በአንድ መስመር አስቀምጡ። ከኋላው ምንም አይከተል፣ አራት ነጥብም ቢሆን። ዓረፍተ ነገሩን ደግሞ «ከታች ያለውን ሊንክ ከፍታችሁ ሙሉ» ብላችሁ ከላይ ጨርሱት። ከዚያ ከተላከው መልእክት ላይ ነክታችሁ ሞክሩ፣ ቢቻል በሌላ ሰው ስልክ። የተበላሸ ሊንክ የደረሳችሁ ከሆነ አድራሻውን ነክታችሁ ጭራውን ከአማርኛው ፊደል ወይም ከ`%E1` ጀምሮ አጥፉት።

ሁለት ጥንቃቄ። አንደኛ፣ መጨረሻው `?usp=sharing` የሆነ የጎግል ሊንክ አራት ነጥብ ቢለጠፍበትም ብዙ ጊዜ ይከፍታል፣ ምክንያቱም ፋይሉን የሚለየው ቁጥር ቀደም ብሎ ስላለፈ ነው። «ባለፈው ሰርቶልኛል» የሚሉት ብዙዎቹ ይሄ ገጥሟቸው ነው። አጭሩ የ`forms.gle` ሊንክ ግን አንድ ፊደል አይታገስም። ሁለተኛ፣ የአማርኛ ዊኪፔዲያ አድራሻ ራሱ በ`%E1` የተሞላ ነው። «አዲስ አበባ» የሚለው ርዕስ ብቻ 55 ምልክት ይሆናል። እሱን እንዳትቆርጡት! በጣት ጎትቶ ኮፒ ማድረግም አደገኛ ነው፣ መሃል ላይ ይቆረጣል። ሼር የሚለውን ተጠቀሙ።

ሌሎቹ ባጭሩ

ሊንኩ መጨረሻ ላይ ሦስት ነጥብ ካለው፣ ኮፒ የተደረገው ለዓይን ያጠረው ጽሑፍ ነው። ሊንኩ ላይ ተጭናችሁ ቆዩና «ኮፒ ሊንክ» በሉት።

ከፒዲኤፍ የመጣ ሊንክ መስመር በተቀየረበት ቦታ ይሰበራል፤ ሁለቱን ቁራጭ በእጅ አጋጥሙ።

ከዋትሳፕ ብዙ መልእክት አንድ ላይ ኮፒ ስታደርጉ የላኪው ስምና ሰዓት አብሮ ይመጣል። ሳታጸዱ የሰው ስም ይዛችሁ ሌላ ግሩፕ አትግቡ።

አንድ የአማርኛ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 70 ፊደል ነው፣ በላቲን ፊደል 160 ነበር። ረዥሙ ተቆራርጦ ይሄዳል፣ አንዱ ቁራጭ ከዘገየ ዓረፍተ ነገሩ ጎድሎ ይደርሳል። ሊንክ ካለበት ለብቻው ላኩት።

ጭራሽ የማይገናኝ ነገር ፔስት ከሆነ ደግሞ `Ctrl+C` አልያዘም ማለት ነው፣ የወጣው የቀድሞው ኮፒ ነው። ይሄኛው ያስፈራኛል፣ ምክንያቱም የቀድሞው ኮፒ የባንክ የማረጋገጫ ኮድ ወይም የይለፍ ቃል ሊሆን ይችላል። እንደነዚህ ያሉትን ከተጠቀማችሁ በኋላ ወዲያው ሌላ ተራ ቃል ኮፒ አድርጉበት። ዊንዶውስ ላይ `Win+V` የኮፒ ታሪክን ከከፈታችሁ ግን የቀድሞው እዚያ ተቀምጦ ይቆያል፣ ከዝርዝሩም አጥፉት። ኮዱ ግሩፕ ላይ ከወጣ መልእክቱን ማጥፋት ብቻውን አያድናችሁም፤ ይለፍ ቃል ከሆነ እዚያው ቀይሩት።