የነጌቲቭ አንግል አቻ በጃቫስክሪፕት

ማንኛውንም አንግል ከ0 ጀምሮ ከ360 ዲግሪ በታች ወዳለው አቻው የሚመልስ ፕሮግራም በጃቫስክሪፕት ስጽፍ፣ -750 ሁለት ቀን ሙሉ አስቸገረኝ። መጀመሪያ 360 ብደምርበት -390 ሆነ፤ ቀጥሎ `a % 360` ስጠቀም 750ን በትክክል ወደ 30 ሲመልስልኝ፣ -750ን ግን -30 አደረገው። በእርግጥ የ-30 መጨረሻ ጨረር ከ-750 ጋር አንድ ነው፤ ሆኖም ከፈለግሁት ክልል ውጭ ነው።

ምክንያቱን ያገኘሁት በወረቀት ሳሰላው ነው። -750 ለ360 ሲካፈል -2.08 ገደማ ይሆናል፤ ጃቫስክሪፕት ክፍልፋዩን ቆርጦ -2 ስለሚያደርገው የሚደመረው ሁለት ዙር ብቻ ነው። የሚያስፈልገው ግን ወደ ታች ወደ -3 ማውረድ፣ ማለትም ሦስት ዙር ወይም 1080 ዲግሪ መደመር ነው፤ ውጤቱም 330 ይሆናል። የሠራልኝ ይህ ነው፦

```
((a % 360) + 360) % 360
```

የመጨረሻው `% 360` ካልተጻፈ 750 ራሱ 390 ሆኖ ይወጣል።