ኦቨርሎድ ሪሌይ በስታር ዴልታ፦ 15 ወይስ 8.7?

በስታር ዴልታ የሚነሳ ሞተር ተቃጥሎ ኦቨርሎዱ ግን ሳይቆርጥ ከተገኘ፣ መጀመሪያ ሪሌዩ የት እንደተገጠመ እዩ። ሪሌዩ የሚስተካከለው በሞተሩ ታርጋ ላይ ባለው የሙሉ ጭነት አምፔር ነው፤ ሁለት ቁጥር ካለ የዴልታውን ውሰዱ። ታርጋው 15 አምፔር ቢልና ሪሌዩ ከዋናው ኮንታክተር ስር ወደ ሞተሩ በሚሄዱት ሦስት ገመዶች ላይ ቢሆን፣ በዴልታ የሚያልፍበት የመስመሩ አምፔር 58 በመቶ ብቻ ስለሆነ 8.7 ላይ ይደረጋል። 15 ላይ ከተተወ ሞተሩ 70 በመቶ ያህል ከልክ በላይ ቢጫንም ሪሌዩ ዝም ይላል። ከሁሉም ኮንታክተሮች በፊት በመጪው መስመር ላይ ከሆነ ግን 15 ትክክል ነው።

ይሁንና ሪሌዩ የሚያየው አምፔርን ብቻ ነው። የፋኑ ሽፋን በአቧራ ቢደፈን አምፔሩ ሳይጨምር ጥቅልሉ ይግላል። ቴርሚስተር የሚባለው የሙቀት ጠቋሚ ግን ጥቅልሉ ውስጥ ስለተቀበረ ሙቀቱን በቀጥታ ያውቃል፤ ከገደቡ ሲያልፍ ሬዚስታንሱ በድንገት ይጨምርና የራሱ ሪሌይ ኮንታክተሩን አስለቅቆ ሞተሩን ያቆማል። ሆኖም ኦቨርሎዱን አይተካም፤ ሮተሩ ተነክሶ መዞር ካቃተው ሙቀቱ እስኪደርሰው ይዘገያል። የቴርሚስተሩን ሽቦዎች ጫፍ ለጫፍ ከፍተኛ ቮልቴጅ በሚልከው ሜገር አትለኩ፣ ይበላሻል፤ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ያለው መልቲሜትር ይበቃል።