ኤስኤስዲ ከባዮስ ሲጠፋ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ማታ በደህና የተዘጋ ኮምፒውተር ጠዋት ሲከፈት ዲስክ እንደሌለው ከተናገረ፣ ባዮስ ውስጥ ተገብቶ ሲታይም የኤስኤስዲው ስም ከሌለ፣ ዊንዶውስን እንደገና ለመጫን መሞከር ድካም ብቻ ነው። ባዮስ ዲስኩን ጠርቶ መልስ አላገኘምና ችግሩ ያለው ከዊንዶውስ በፊት ነው። እኔ ማሽኑን ከመፍታቴ በፊት ባለቤቱን የምጠይቀው ዲስኩ የጠፋው ምን ሲሆን እንደነበር ነው፤ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይታወቃልና።

ማሽኑ ሲነካ የሚጠፋና የሚመለስ

ይህ የግንኙነት መላላት ነው። ኃይሉን ከግድግዳው ነቅለው፣ ላፕቶፕ ከሆነም ባትሪውን አላቅቀው፣ የሳታውን ኬብል በሁለቱም ጫፍ አውጥተው መልሰው ይሰኩት፤ ካልሆነ ኬብሉንም የሚሰካበትንም ቦታ ይቀይሩ። ያለ ኬብል ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ኤም ዶት ቱ ከሆነ ብሎኗ መጥበቋን ይመልከቱ፤ ብሎኗ ከላላች ካርዱ በአንድ ጎን ቀና ይልና ግንኙነቱ ይቋረጣል። ዲስኩ ሲመለስ ደግሞ የሚከተለውን ትእዛዝ በሊኑክስ ያስኪዱ፤ ሊኑክስ ዲስኩን በሌላ ስም ካወቀው በ`/dev/sda` ፈንታ ያንን ስም ይጻፉ።

```
sudo smartctl -a /dev/sda
```

በሳታ ዲስክ ላይ 199 ቁጥር ባለው መስመር የተመዘገበው ስሕተት ከቀን ወደ ቀን የሚጨምር ከሆነ ኬብሉ ገና አልዳነም።

መብራት ከሄደ በኋላ የጠፋ

ድሬዳዋ ውስጥ በብዛት የሚያጋጥመኝ ይህ ነው። በቅርቡ ከዚራ አካባቢ ካለ መድኃኒት ቤት አንድ ዴስክቶፕ መጣልኝ፤ መብራቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሁለቴ ሄዶ ከተመለሰ በኋላ ዲስኩ አልታይ ብሏል። በዚያው ኬብልና በዚያው ቦታ ላይ ሌላ ጤነኛ ዲስክ ብሰካ ወዲያው ታየ፤ ስለዚህ ኬብሉም ማዘርቦርዱም ከጥርጣሬ ወጡ።

ኤስኤስዲ እያንዳንዱ መረጃ በየትኛው ሕዋስ እንደተቀመጠ የሚመዘግብበት ሠንጠረዥ አለው። በሚጽፍበት ቅጽበት መብራት ከተቋረጠ ሠንጠረዡ ሳይሟላ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ኃይል ሲያገኝ ሕዋሳቱን እየቃኘ ሊጠግነው ይሞክራል፣ እስኪጨርስም ለባዮስ ጥሪ መልስ ላይሰጥ ይችላል። ባለቤቱ ደግሞ ተጨንቆ ደጋግሞ ሲያጠፋና ሲያበራ ጥገናው ሁልጊዜ ከመሃል ይቋረጣል።

ስለዚህ የዳታውን ኬብል ነቅዬ የኃይሉን ብቻ ተውኩና ማሽኑን አብርቼ ባዮስ ላይ 20 ደቂቃ አቆየሁት። ከዚያ አጥፍቼ የኃይሉንም ኬብል ለ30 ሰከንድ ነቀልኩ፤ ይህንኑ አንድ ጊዜ ደገምኩ። የዳታውን ኬብል መልሼ ስሰካ የዲስኩ ስም ባዮስ ላይ ብቅ አለ። ላፕቶፕና ኤም ዶት ቱ ላይ ዳታውን ከኃይሉ መለየት ስለማይቻል ባዮስ ገጽ ላይ ያንኑ ያህል ማቆየት ይበቃል። ይህ ሁሉ በዩፒኤስ መሠራት አለበት፤ በመሃሉ መብራት ከሄደ ከዜሮ መጀመር ነው።

ዊንዶውሱን አላስነሳሁም። ዲስኩን ከሌላ ማሽን ጋር አያይዤ የሽያጭ መዝገቡን አስቀድሜ ገለበጥኩ፤ አንዴ የጠፋ ዲስክ እንደገና አይጠፋም ብሎ ማመን አይቻልምና።

ጥቂት ሠርቶ በየጊዜው የሚጠፋ

መብራት ሳይቋረጥ፣ ኬብሉም ደህና ሆኖ ከጠፋ ዲስኩን ከውስጥ የሚመራውን ፕሮግራም፣ ማለትም የፈርምዌር ጉድለት ይጠርጠሩ። የታወቀው ምሳሌ ክሩሻል ኤም ፎር ነው፤ ይህ ዲስክ በድምሩ 5184 ሰዓት ከበራ በኋላ መልስ መስጠት ያቆም ነበር፣ ማሽኑ ሲጠፋና ሲበራ ይመለሳል፣ አንድ ሰዓት ያህል ሠርቶም እንደገና ይጠፋል። በቀን 10 ሰዓት ለሚሠራ ቢሮ ይህ የአንድ ዓመት ከአምስት ወር ያህል ዕድሜ ነው። አምራቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ፈርምዌር ጉድለቱ ታርሟል። የእርስዎን ዲስክ ሞዴልና የፈርምዌር ቁጥር ከላይ ያለው ትእዛዝ ያሳያል፤ ከአምራቹ ገጽ ጋር ያስተያዩ፣ ማደሻውንም መረጃው ከተገለበጠ በኋላ ብቻ ይጫኑ።

ቀስ በቀስ እየዘገየ ቆይቶ የጠፋ

ለሳምንታት ፋይል ሲከፍት ሲንተፋተፍ የቆየ ዲስክ ከጠፋ ሕዋሳቱ አልቀዋል ማለት ይሆናል። ያረጀ ኤስኤስዲ ማንበብ ብቻ ወደሚፈቅድ ሁኔታ ቢገባ ጥሩ ነበር፤ ብዙዎቹ ግን የራሳቸውን ፈርምዌር ከሕዋሳቱ ማንበብ ሲያቅታቸው በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ። በእውነተኛ ስሙ ፈንታ ባዮስ ላይ `SATAFIRM S11` የሚል ስም ከታየ ኮንትሮለሩ ፈርምዌሩን መጫን አልቻለም። የእንዲህ ያለውን ዲስክ ፈርምዌር በኢንተርኔት በሚገኝ መሣሪያ እንደገና መጫን ዲስኩን ሊያስነሳው ይችላል፣ መረጃውን ግን ያጠፋዋል፤ መረጃው የሚፈለግ ከሆነ ሳይነካ ለመረጃ መልሶ ማግኛ ባለሙያ ይሰጥ። ያለቀ ዲስክ ያለ ኃይል ሙቀት ውስጥ በቆየ ቁጥር በሕዋሳቱ ያለው መረጃ ቶሎ ስለሚደበዝዝ፣ በድሬዳዋ ግንቦትና ሰኔ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ማሰንበት አይገባም።