ሳሎንና መኝታ ቤትን በድምፅ ስንለይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ሦስት አራት ሆነው ቤት የሚከራዩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ አንድ ሳሎንና ሁለት መኝታ ቤት ይካፈላሉ። ቡናው የሚፈላው፣ ቴሌቪዥኑ የሚከፈተው፣ እንግዳውም የሚቀመጠው ሳሎን ነው። የወሎ ቡና ደግሞ በረካው እስኪጠጣ አይቸኩልም። ኮምቦልቻ ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ሌሊት ፋብሪካ ያደረው ሰው ሊተኛ ሲል ሌላው ቀኑን ይጀምራል። አከራይም ተከራይም ለዚህ መፍትሔ ብለው ገንዘብ ያወጣሉ፤ ገንዘቡ ግን ድምፁ በማያልፍበት ቦታ ላይ ይፈስሳል። ከታች ያሉት በተደጋጋሚ የሚታዩ ስህተቶች ናቸው፤ የመጀመሪያው ከሌሎቹ ሁሉ ስለሚከፋ ሰፋ አድርገን እናየዋለን።

ግድግዳውን ኮርኒስ ላይ ማቆም

በአካባቢያችን አብዛኛው ባለ ቆርቆሮ ቤት የውስጥ ግድግዳው የሚገነባው እስከ ኮርኒሱ ድረስ ነው። ከኮርኒሱ በላይ፣ ከቆርቆሮው በታች ያለው ባዶ ቦታ ለሁሉም ክፍሎች አንድ ነው። ስለዚህ ሳሎን ውስጥ የሚወራው ወሬ በኮርኒሱ ቺፕውድ አልፎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከግድግዳው በላይ ይሻገራል፣ በመኝታ ቤቱ ቺፕውድ በኩል ይወርዳል። ከታች ያለው ብሎኬት የቱንም ያህል ቢወፍር ይህን መንገድ አይዘጋውም።

ልዩነቱን ክብደቱ ይነግረናል። ድምፅን የሚያግደው በዋናነት ክብደት ነው። በሁለቱም በኩል የተለሰነ ባለ 15 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ግድግዳ በካሬ ሜትር ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ 8 ሚሊ ሜትር ቺፕውድ ግን 5 ኪሎ ገደማ ነው። ግድግዳው ብቻውን ቢሆን ድምፁን በ45 ዴሲቤል አካባቢ ይቀንሰው ነበር፤ በኮርኒሱ የሚዞረው መንገድ ግን ይህን ቅነሳ ወደ 30 ያወርደዋል። የተለመደ ጭውውት 60 ዴሲቤል አካባቢ ነው እንበል። በ45 ሲቀነስ መኝታ ቤት የሚደርሰው 15 ነው፤ አይሰማም ማለት ይቻላል። በ30 ሲቀነስ ግን 30 ይቀራል፤ በጸጥታ ሌሊት አልጋ ላይ ለተኛ ሰው ማን ምን እንዳለ ለመለየት ይበቃል።

ችግሩ ከላይ መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ሳሎን ውስጥ ሬዲዮ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ አድርጋችሁ ‹‹ሽሽሽ›› የሚለውን ድምፅ ከፍ አድርጋችሁ ተዉት። መኝታ ቤት ገብታችሁ በሩን ዝጉ፣ የበሩን ሥር በተጠቀለለ ብርድ ልብስ ድፈኑ። ከዚያ ወንበር ላይ ቆማችሁ ጆሯችሁን ወደ ኮርኒሱ አቅርቡ። አልጋው ከፍታ ላይ ከምትሰሙት ይልቅ እዚያ ጎልቶ ከተሰማ መንገዱ ከላይ ነው። የብርድ ልብሱ መደፈን ብቻውን ድምፁን በደንብ ካወረደው ደግሞ ጥፋተኛው በሩ ነው፤ ኮርኒስ ሳትነኩ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

አሁን ሥራውን በቁጥር እንየው። የሳሎንና የመኝታ ቤቱ መለያ ግድግዳ 4 ሜትር ይረዝማል እንበል። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ በአንዱ ጫፍ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ጣሪያው ከፍ በሚልበት ጫፍ 1 ሜትር ከ20 ነው። አማካዩ 80 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ የሚዘጋው ስፋት 3.2 ካሬ ሜትር ነው። ብሎኬት መደርደር ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ግድግዳው መሠረት ያለው መሆኑ በግንበኛ ካልተረጋገጠ ክብደት አትጨምሩበት። በኮርኒሱ እንጨት ላይ ብሎኬት መደርደርማ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም። ቀላሉ መንገድ የሞራሌ ክፈፍ ሠርቶ በሁለቱም ፊት 12 ሚሊ ሜትር ጂፕሰም ቦርድ መምታት ነው። ሁለቱ ፊት አንድ ላይ 6.4 ካሬ ሜትር ይሆናል። 1.20 በ2.40 የሆነ አንድ ቦርድ 2.88 ካሬ ሜትር ስለሚሸፍን ከብክነቱ ጋር ሦስት ቦርድ ይበቃል። ከታች አንድ፣ ከላይ አንድ፣ በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ደግሞ ቋሚ ሲደረግ አምስት ባለ 4 ሜትር ሞራሌ ይወጣል።

ከመጀመሩ በፊት ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛ፣ ጣሪያው ያፈሳል ወይ? ጂፕሰም ውሃ ከነካው ይፈርሳል፤ ስለዚህ ዝናብ እየዘነበ ሳለ ባትሪ ይዞ ማየት ነው። ሁለተኛ፣ ቆጣሪው ላይ መብራቱ ይጥፋ፤ የቤቱ ገመድ አብዛኛው በኮርኒሱ ላይ የተዘረጋ ነው። ከዚያ በሳሎኑ በኩል በግድግዳው ጥግ ያለው አንድ መስመር ቺፕውድ ይነሳና ሥራው ከዚያ ይሠራል። ቺፕውድ ሰው አይሸከምም፤ የሚወጣ ሰው በእንጨቶቹ ላይ ወፍራም ጣውላ ያጋድም። የታችኛው ሞራሌ በግድግዳው ራስ ላይ ይታሰራል፣ የላይኛው ቆርቆሮው በተመታበት እንጨት ላይ።

አናጢዎች የሚዘነጉት የመጨረሻዋን ክፍተት ነው። ቆርቆሮው ሞገድ ስለሆነ ከቦርዱ ጋር አይገጥምም፤ በእያንዳንዱ ሞገድ ሥር ቀዳዳ ይቀራል። በሲሚንቶ መድፈን አይሆንም፤ ቆርቆሮ በፀሐይ ሲሰፋና በብርድ ሲኮማተር ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ እርጥብ ሲሚንቶም የቆርቆሮውን ሽፋን ይበላዋል። በኃይል የተጠቀጠቀ ስፖንጅ ወይም ጨርቅ፣ ፊቱ ላይ ሲሊኮን ተደርጎበት ይሠራል። ገመድ በሚያልፍበት ቦታ ግን ሁለቱም እሳት ይይዛሉና እዚያ በጂፕሰም ይደፈን። አይጥ ያለበት ቤት ስፖንጁ በዓመቱ ሊጎድል እንደሚችልም አትርሱ። በመጨረሻ፣ ቺፕውዱ ከመመለሱ በፊት በአንዱ በኩል አምፖል አብርቶ በሌላው በኩል በጨለማ መመልከት ነው፤ ብርሃን ባለፈበት ሁሉ ድምፅም ያልፋል።

ግድግዳው ከኮርኒሱ ትንሽ አልፎ ከሆነ ያን ቺፕውድ ስታነሱ ሌላም ነገር ልታዩ ትችላላችሁ፤ ልስኑ ኮርኒሱ የነበረበት መስመር ላይ ይቆምና ከዚያ በላይ ያለው ብሎኬት ራቁቱን ይቀራል። ያልተለሰነ ብሎኬት በትናንሽ ቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ ድምፅ ያሳልፋል። ቢያንስ በአንዱ ፊት ይለሰን። የጭቃ ቤት ያላችሁ ግን ግድግዳችሁን አትናቁት፤ በደንብ የተመረገ 15 ሳንቲ ሜትር ጭቃ ከማንኛውም ኮምፔንሳቶ መለያ ይሻላል፤ ስንጥቁ ብቻ በየጊዜው ይመረግ።

የእንቁላል ካርቶንና ስፖንጅ መለጠፍ

ይህ ከኢንተርኔት የመጣ በሽታ ነው። ካርቶንም ስፖንጅም በክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ድምፅ ያለዝባሉ፤ ወደ ጎረቤት ክፍል የሚሄደውን አያግዱም፣ ምክንያቱም ክብደት የላቸውም። ስፖንጅ በአፍንጫ ስትተነፍሱበት አየር ካሳለፈ ድምፅም ያሳልፋል። ከዚህ የከፋው እሳቱ ነው፤ ከሰልና ሻማ በሚበራበት ቤት ግድግዳን በስፖንጅ መሸፈን አደጋ ነው። ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ሳሎን ውስጥ ቢደረጉ ጩኸቱን ትንሽ ይቀንሱታል፣ ሰዎችም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ከዚያ ያለፈ አትጠብቁባቸው።

በሩን መርሳት

የመኝታ ቤት በር 90 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ 2 ሜትር ከ10 ቁመት ይኑረው፣ ከሥሩም 1.5 ሳንቲ ሜትር ይክፈት። ክፍተቱ ከበሩ ስፋት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን በዚያች ብቻ ምክንያት በሩ ከ20 ዴሲቤል ብዙም ሊያግድ አይችልም፤ የዋንዛ ጣውላም ይሁን የብረት ላሜራ። ስለዚህ ውድ በር ከመግዛት በፊት በነበረው ሥር ጎማ መምታት፣ መሬቱ ላይ በሩ ሲዘጋ ጎማው የሚነካው ደፍ መሥራት፣ በሦስቱ ጎን ደግሞ የጎማ ክር መለጠፍ ይቀድማል። ጎማው ወረቀት ጨብጦ መያዝ አለበት፤ በሩን ዘግታችሁ ወረቀቱ በቀላሉ ከተሳበ አልገጠመም።

በድሮ ቤቶች ከበሩ በላይ ብርሃን እንዲያስገባ የተተወች መስታወት አለች፤ አንዳንዴም መስታወቷ ወልቃ ክፍት ናት። እሷ ካልተዘጋች የበሩ ጎማ ከንቱ ነው። በሳሎንና በመኝታ ቤት በኩል ጀርባ ለጀርባ የተገጠሙ ሶኬቶችም ካሉ አንዱን ወደ ሌላ ግድግዳ ማዛወር ነው።

የሚመታውን ድምፅ እንደ ወሬ ማየት

ሙቀጫ ውስጥ ቡና ሲወቀጥ ድምፁ በአየር ብቻ አይሄድም፤ ወለሉን ይዞ በግድግዳው ሥር ያልፋል። የላይኛው ፎቅ ላይ ከሆነ ደግሞ የታች ቤት ሰው አናት ላይ ይወርዳል። ኮርኒስም በርም ይህን አይመልሱትም። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ሙቀጫው ከአሮጌ መኪና ጎማ በተቆረጠ ቁራጭ ወይም አራት እጥፍ በሆነ ጆንያ ላይ ይቀመጥ። ስፒከርም እንዲሁ፤ ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ አይሰቀል፣ በተቃራኒው ግድግዳ በኩል ከጎማ ላይ ይቀመጥ። ወፍራሙ ድምፅ ይህ ሁሉ ተደርጎም በከፊል ያልፋል፤ እሱን የሚቀንሰው የስፒከሩን ቤዝ ማውረድ ብቻ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብም የመለያው ግድግዳ ምንም አያግዝም፤ ያ ድምፅ የሚመጣው በቀጥታ ከአናት ነው።

አየሩን አብሮ መዝጋት

ደሴ ብርዳማ ስለሆነች መስኮቱ ሁልጊዜ የተዘጋ ነው። እስከ ዛሬ አየር የሚገባው በበሩ ሥርና በኮርኒሱ ክፍተት ነበር፤ እናንተ ደግሞ አሁን ሁለቱንም ደፈናችሁ። ስለዚህ ከሥራው ጋር አብሮ ወደ ውጭ የሚወጣ የአየር ቀዳዳ በእያንዳንዱ መኝታ ቤት ይከፈት፤ ወደ ሳሎን ሳይሆን ሁከት ወደሌለበት የግቢው ጎን። የከሰል ምድጃ ወይም የጋለ ፍም ያለበት ማጨሻ ወደ መኝታ ቤቱ አይግባ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ሳሎንም ውስጥ ቡና ሲፈላ አንድ መስኮት ክፍት ይሁን። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር በአንድ ጊዜ በብዙ ሰው ላይ ከታየ ምክንያቱን መፈለግ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ሁሉም ወደ ደጅ ይውጣ፣ በሩና መስኮቱም ይከፈት።